እጅ የሚንቀጠቀጠው መቼ ነው? ቤዛል ጋንግሊያና ትንሹ አንጎል ሲጎዱ በእንቅስቃሴ ላይ የሚታየው ለውጥ

እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ይዘው ወደ ሐኪም የሚመጡ ቤተሰቦች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት «ለምን ይንቀጠቀጣል?» ብለው ነው። ሐኪሙ ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው «መቼ ነው የሚንቀጠቀጠው?» ብሎ ነው። እጁ ጭኑ ላይ አርፎ ሳለ ነው ወይስ የቡና ሲኒ ለማንሳት ሲዘረጋ? መልሱ ጉዳቱ በየትኛው የአንጎል ክፍል እንዳለ ይጠቁማል። ሕክምናውም ከዚያ ይነሳል።

እንቅስቃሴን ከሚያስተካክሉት የአንጎል ክፍሎች መካከል ሁለቱን እዚህ እንመለከታለን። አንደኛው ቤዛል ጋንግሊያ ይባላል፤ በአንጎል ውስጥ ጠለቅ ብለው በግራና በቀኝ የሚገኙ የነርቭ ሕዋሳት ክምችቶች ናቸው። ሁለተኛው ትንሹ አንጎል ወይም ሴሬቤለም ነው፤ ከማጅራት ከፍ ብሎ በጭንቅላት የኋላ ክፍል ይገኛል።

ሁለቱም ጡንቻን በቀጥታ አያዙም። «እጅህን አንሳ» የሚለው ትእዛዝ የሚወጣው ከአንጎል የላይኛው ቅርፊት ነው፤ በህብለ ሰረሰር በኩል ወርዶ ጡንቻ ጋ ይደርሳል። ቤዛል ጋንግሊያና ትንሹ አንጎል የዚህ ቅርፊት አማካሪዎች ናቸው ማለት ይቻላል። ቅርፊቱ ያሰበውን ይልክላቸዋል፤ እነሱም አስተካክለው ታላመስ በሚባል መተላለፊያ በኩል ይመልሱለታል። በዚህ ምክንያት አንዳቸው ብቻ ሲጎዱ ሰውየው ሽባ አይሆንም። ሐኪሙ «እጄን ጭብጥ ያድርጉ» ሲለው አጥብቆ ይጨብጣል። «ጉልበቱ ደህና ነው፣ ምንም የለበትም» ተብለው ከተመለሱ በኋላ ችግሩ የቀጠለባቸው ቤተሰቦች የሚያጋጥሙንም ለዚህ ነው።

ቤዛል ጋንግሊያ፦ በር ጠባቂው

ቤዛል ጋንግሊያን እንደ ጊቢ ዘበኛ ያስቡት። የዘበኛው ልማድ በሩን ዘግቶ መጠበቅ ነው። ከዚህ ክፍል የሚወጡት ሕዋሳት ታላመስን ያለማቋረጥ «ቆይ፣ አትልቀቅ» ይሉታል። ሰውየው መነሳት ሲፈልግ ለዚያ እንቅስቃሴ ብቻ በሩ ይከፈታል፤ ሌሎች የማይፈለጉ እንቅስቃሴዎች እንደተዘጋባቸው ይቆያሉ።

በሩ በቀላሉ እንዲከፈት ማጠፊያውን የሚያለሰልሰው ዘይት ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ዶፓሚንን የሚያመርቱት በመሃለኛው አንጎል የሚገኙ ጠቆር ያሉ ሕዋሳት ናቸው። በፓርኪንሰን ሕመም እነዚህ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ምልክቱ ለዓይን በሚታይበት ጊዜ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ አልቀው ይገኛሉ። ስለዚህ «ትናንት ጀመረው» የሚባለው ሕመም በእርግጥ ከዓመታት በፊት የጀመረ ነው።

አንድ የ64 ዓመት ጡረተኛ መምህርን እንውሰድ። ልጃቸው ናት ያመጣቻቸው። «ዶክተር፣ አባባ ቴሌቪዥን ሲያዩ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ይንቀጠቀጣል። ቡና ሲጠጡ ግን ጠብታ አያፈሱም። እኔ መጀመሪያ ሆን ብለው የሚያደርጉት መስሎኝ ነበር» አለችኝ። እሳቸውም ትንሽ ቅር ብሏቸው «እርጅና ነው ልጄ፣ ምን ታስቸግሪያቸዋለሽ» አሏት።

ልጅቱ ያየችው ትክክለኛውን ምልክት ነው። የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ እጅ ሲያርፍ ይመጣል፤ በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ የሚደጋገም፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ክኒን የሚያድቦለብሉ የሚመስሉበት ነው። እጁ ሥራ ሲጀምር ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ከመንቀጥቀጡ ይልቅ ኑሮን የሚያከብደው ግን የእንቅስቃሴ መዘግየት ነው። ስማቸውን እንዲጽፉ ስጠይቃቸው የመጀመሪያዎቹ ፊደላት ደህና ነበሩ፤ ወደ መጨረሻው ግን እያነሱ እያነሱ ሄዱ። አርባ ዓመት ሰሌዳ ላይ የጻፈ ሰው እጅ ነው እንግዲህ። ሲራመዱ ቀኝ እጃቸው አይወዛወዝም፣ እርምጃቸውም አጭር ነው። ክንዳቸውን ይዤ ሳጥፍና ስዘረጋ በየመካከሉ ቆም ቆም የሚል ግትርነት ተሰማኝ፤ ልክ ጥርስ ያለው ጎማ እንደሚዞር። ልጃቸው በር መግቢያ ላይ ሲደርሱ እግራቸው መሬት ላይ የተጣበቀ ያህል እንደሚቆሙም ነገረችኝ።

ሊቮዶፓ የሚባለው መድኃኒት አንጎል ውስጥ ገብቶ ወደ ዶፓሚን ስለሚለወጥ እንዲህ ያለውን ሰው በግልጽ ያሻሽላል። የሞቱትን ሕዋሳት ግን አይመልስም።

ዘበኛው በተቃራኒው በሩን ክፍት ቢተውስ? ያን ጊዜ ያልታዘዘ እንቅስቃሴ ይወጣል። ከቤዛል ጋንግሊያ ክፍሎች አንዷ፣ ከታላመስ በታች የምትገኝ ትንሽ ክምችት፣ ሥራዋ በሩን አጥብቆ መያዝ ነው። በስትሮክ ስትመታ ሰውየው ሳይፈልግ አንድ እጁ ወይም እግሩ ኳስ እንደሚወረውር ይወነጨፋል። ይህ የሚሆነው በተመታው ክፍል ተቃራኒ ወገን ነው። የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ቤተሰብ ደግሞ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። የደም ስኳር ለረጅም ጊዜ እጅግ ከፍ ብሎ ሲቆይም በአንድ ወገን እጅና እግር ላይ እንዲህ ያለ ያልታዘዘ እንቅስቃሴ ሊመጣ ይችላል። ይህን «መንፈስ ነው» ብሎ ከማለፍ በፊት ስኳር መለካት ያስፈልጋል። ስኳሩ ሲስተካከል ብዙዎች በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይሻላቸዋል።

ትንሹ አንጎል፦ ለኪውና አራሚው

እንጀራ የምትጋግር ሴት ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምራ እየዞረች ወደ መሃል ስታፈስ ይመልከቱ። እጇ ምን ያህል እንደሚዘረጋ፣ መቼ እንደሚታጠፍ፣ የት ላይ እንደሚቆም አታስብበትም። ሂሳቡን የሚሠራላት ትንሹ አንጎል ነው። ቅርፊቱ ያሰበውን እንቅስቃሴ ግልባጭ ይቀበላል፤ ከእጅና ከእግር በህብለ ሰረሰር በኩል የሚመጣውን ወሬም ይሰማል። ሁለቱን አስተያይቶ ልዩነት ካገኘ እጁ ገና በመንገድ ላይ ሳለ ያርማል።

ይህ እርማት ሲጠፋ እጅ ዒላማውን ይስታል። ጭን ላይ ሲያርፍ ጸጥ ያለ ነው፤ ሲኒው ዘንድ ሲቃረብ ግን ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል፣ በቀረበ ቁጥርም ይብሳል። ወይ ሲኒውን አልፎ ይሄዳል ወይ ሳይደርስ ይቀራል። ሰውየው ሲራመድ እግሮቹን አራርቆ፣ እየተንገዳገደ ነው። ንግግሩ ይጎተታል። ብዙዎቹ ላይ የሚደርሰው ሌላው ጉዳት ደግሞ «ጠጥቷል» መባል ነው። መመሳሰሉ በአጋጣሚ አይደለም፤ አልኮል የሰከረ ሰው የሚንገዳገደው በአመዛኙ ትንሹ አንጎሉ ለጊዜው ስለደነዘዘ ነው። ለዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው ላይ ጉዳቱ ቋሚ ሊሆን ይችላል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን መጠኑ በደም ውስጥ ሲበዛም ተመሳሳይ መንገዳገድ ያመጣል፤ ይህ ግን መጠኑ ሲስተካከል አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

የ57 ዓመት እናት ናቸው። የደም ግፊት ነበረባቸው፤ «ደህና ነኝ» ብለው ክኒናቸውን ካቆሙ ወራት አልፈዋል። አንድ ቀን ጠዋት ሲነሱ ቤቱ ዞረባቸው፣ ደጋግመው አስመለሱ፣ መቆምም አቃታቸው። በአንድ ሕክምና ቤት «ጨጓራ ነው» ተብሎ የማስመለሻ መርፌ ተወጉና ወደ ቤት ተመለሱ። በማግስቱ ልጃቸው ውሃ ሲሰጣቸው ቀኝ እጃቸው ብርጭቆውን ስቶ አለፈ። ይዟቸው መጣ።

አልጋው ጫፍ ላይ ያለ ድጋፍ እንዲቀመጡ ስንጠይቃቸው ወደ ቀኝ ወደቁ። እጄን ሲጨብጡ ሁለቱም እጃቸው እኩል ብርቱ ነበር። ጣታቸውን ከአፍንጫቸው ወደ ጣቴ፣ ከጣቴ ወደ አፍንጫቸው እንዲያመላልሱ ስጠይቅ ግራው ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ቀኙ ጉንጫቸውን ነካ። ሲቲ ስካን በቀኙ የትንሹ አንጎል ክፍል ስትሮክ አሳየ።

የጨጓራ ሕመም ሰውን ያስመልሳል፤ ተቀምጦ እንዳይቆይ ግን አያደርገውም። ድንገተኛ ማዞርና ማስመለስ ያለበት ሰው ያለ ድጋፍ መቀመጥ ወይም መራመድ ካቃተው፣ አንድ እጁ ዒላማ ከሳተ፣ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ከታየው ወይም ንግግሩ ከተጎተተ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት። ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ይያዙ፤ ለአንዳንድ ስትሮኮች የሚሰጠው የረጋ ደም ማሟሟያ መድኃኒት በተለመደው አሠራር ከ4 ሰዓት ተኩል በኋላ አይሰጥም። ሌላው ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር፦ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የተነሳ ሲቲ ስካን የትንሹን አንጎል ስትሮክ ላያሳይ ይችላል። ፎቶው ንጹሕ ነው መባሉ ሰውየው መቀመጥ እያቃተው ወደ ቤት ለመመለስ በቂ ምክንያት አይደለም።

እኚህ እናት በሦስተኛው ቀን እንቅልፍ እንቅልፍ ይላቸው ጀመር። ልጃቸው «ደክሟት ነው፣ ትተኛ» ብሎ ነበር፤ ነርሷ ግን ሐኪም ጠራች። ትንሹ አንጎል ያለው በጠባብ የአጥንት ጓዳ ውስጥ ነው። የተመታው ክፍል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲያብጥ የአንጎል ፈሳሽ የሚወርድበትን መንገድ ይዘጋል፣ አተነፋፈስን የሚመራውንም የአንጎል ግንድ ይጫናል። ስለዚህ ድብታ፣ የራስ ምታት መባባስ፣ እንደገና ማስመለስ የድካም ምልክት ተብለው አይታለፉም። እሳቸው ሪፈር ተጽፎላቸው በዚያው ዕለት ጓዳውን የሚያሰፋ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ከሦስት ወር በኋላ በከዘራ ይራመዱ ነበር። ቡና የሚቀዱት ግን በግራ እጃቸው ነው።

ቀኝ ወይስ ግራ?

የእኚህ እናት ልጅ ያነሳው ጥያቄ ብዙ ቤተሰቦች የሚያነሱት ነው። «ዶክተር፣ የአንጎል ቀኝ ሲመታ ግራ እጅ ነው የሚጎዳው ይባላል። የእማዬ ፎቶ ቀኝ ይላል፣ የተጎዳውም ቀኝ እጇ ነው። ፎቶው ተገላብጦ ይሆን?»

አልተገላበጠም። የግራው ትልቁ አንጎል ቀኝ እጅን ያዛል፤ ትእዛዙ ሲወርድ አንድ ጊዜ ይሻገራል። ቤዛል ጋንግሊያ የሚያማክረው በራሱ ወገን ያለውን ቅርፊት ስለሆነ ይህን ሕግ ይከተላል። የመምህሩ ቀኝ እጅ ሲንቀጠቀጥ ይበልጥ የተጎዱት በግራ በኩል ያሉት ሕዋሳት ናቸው። ከትንሹ አንጎል የሚወጣው መስመር ግን መሃለኛው አንጎል ላይ ራሱ ይሻገራል። ከቀኙ ትንሽ አንጎል ተነስቶ ወደ ግራ ታላመስ፣ ከዚያ ወደ ግራ ቅርፊት ይሄዳል፤ የቅርፊቱ ትእዛዝ ደግሞ ተመልሶ ወደ ቀኝ እጅ ይሻገራል። ሁለት ጊዜ የተሻገረ ሰው ወንዙን ወደ ተነሳበት ዳር ይመለሳል። ስለዚህ የትንሹ አንጎል ጉዳት የሚታየው በራሱ ወገን ነው። ለልጁ ይህን በወረቀት ላይ ስዬ አሳየሁት፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

የአንዱ መድኃኒት ለሌላው

መንቀጥቀጥ ሁሉ አንድ ስለሚመስል ቤተሰብ የጎረቤትን ክኒን የሚዋስበት ጊዜ አለ። ሊቮዶፓ የሚጠቅመው የዶፓሚን እጥረት ላለበት ሰው ነው። በስትሮክ የተጎዳ ትንሽ አንጎል የጎደለው ዶፓሚን አይደለም፤ ክኒኑ ማቅለሽለሽና የደም ግፊት መውረድ ሊያመጣበት፣ ይኸውም መውደቁን ሊያብሰው ይችላል። ለእሱ ዋናው ሕክምና ፊዚዮቴራፒ ነው፦ መቀመጥን፣ መቆምን፣ ሲኒ ማንሳትን ደግሞ ደጋግሞ መለማመድ።

ሁለተኛው ስህተት ይበልጥ የተለመደ ይመስለኛል። ለማስመለስ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድና ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል የዶፓሚንን ሥራ ይከለክላሉ። ለጥቂት ቀን ተሰጥተው ጉዳት ላያመጡ ይችላሉ፤ ለሳምንታትና ለወራት ሲወሰዱ ግን ፓርኪንሰን የሌለበትን ሰው ፓርኪንሰን ያለበት ሊያስመስሉት ይችላሉ። ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ሊቮዶፓ ሲጀምር ቢያቅለሸልሸውና ሜቶክሎፕራማይድ ቢጨመርለት ደግሞ በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላው ይወሰዳል። ስለዚህ በቤት ያሉትን መድኃኒቶች በሙሉ፣ ባዶ ፓኮውንም ጭምር፣ ይዘው ይምጡ። በራስዎ ውሳኔ ግን አያቋርጡ፤ በተለይ ሊቮዶፓና የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በድንገት ሲቆሙ አደጋ አላቸው።

እጁ የሚንቀጠቀጥ ሁሉ ከእነዚህ አንዱ አለበት ማለትም አይደለም። ሁለት እጁ ሲኒ ይዞ ሲንቀጠቀጥ፣ አባቱም እንዲሁ የነበሩ፣ አረማመዱና ንግግሩ ግን ደህና የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ያለበት በዘር የሚወረስ የመንቀጥቀጥ ዓይነት ነው፤ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን መብዛትና አንዳንድ የአስም መድኃኒቶችም እጅን ያንቀጠቅጣሉ።

ሁለቱ ይነጋገራሉ

ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች ሁለቱ ክፍሎች የሚገናኙት ቅርፊቱ ላይ ብቻ ነው ብለው ያስቡ ነበር። በ2005 እና በ2010 እ.ኤ.አ. የታተሙ በጦጣዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ግን ሌላ መንገድ አሳዩ። ተመራማሪዎቹ የተጠቀሙት የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስን ነው፤ ቫይረሱ ከአንድ የነርቭ ሕዋስ ወደ ቀጣዩ ስለሚተላለፍ መንገዱን ተከትለው ካርታ ሠሩበት። ከትንሹ አንጎል በታላመስ በኩል ወደ ቤዛል ጋንግሊያ፣ ከቤዛል ጋንግሊያም ወደ ትንሹ አንጎል የሚሄዱ መስመሮች አገኙ። ይህ ለታማሚ ትርጉም አለው። በፓርኪንሰን ሕመም ሊቮዶፓ ዝግታውንና ግትርነቱን ቀንሶ መንቀጥቀጡን ብዙም ላይነካው ይችላል፤ አንዱ ምክንያት መንቀጥቀጡን በማቆየት የትንሹ አንጎል መስመር ስለሚሳተፍ እንደሆነ ይታሰባል። መንቀጥቀጡ ስላልቆመ ብቻ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብለው አይጣሉት፤ ቁልፍ መቆለፍና ከወንበር መነሳት ቀሎ እንደሆነ ይዩ።

ወደ ሐኪም ከመሄድዎ በፊት በስልክዎ ሦስት አጫጭር ቪዲዮ ይቅረጹ። በመጀመሪያው ታማሚው ተቀምጦ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አሳርፎ ከ100 ወደ ታች ይቁጠር፤ ሐሳብ በሌላ ሲያዝ የእረፍት መንቀጥቀጥ ይወጣል። በሁለተኛው ግማሽ ድረስ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አንስቶ ወደ አፉ ያድርስ፣ በየተራ በሁለቱም እጁ። በሦስተኛው አሥር እርምጃ ያህል ሄዶ ዞሮ ይመለስ፤ ሲራመድ ግን ሌላ ሰው ከጎኑ ይሁን።